ፖድካስትን ያለ ኢንተርኔት ማኖር፦ የሮብ ገበያ አድማጭ የሚያጣቸው ክፍሎች

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መገባደጃ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መቋረጡ የቀናት ሳይሆን የወራት ሆነ። ከዚያ ወዲህ «መስመሩ ሲመለስ የቀረውን አወርዳለሁ» የሚለው ተስፋ ለፖድካስት አድማጭ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ መመርመር ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም እንዲህ ነው፦ አዳዲስ ክፍሎችን በራሱ የሚያወርድ ፕሮግራም መመዘን ያለበት መስመር ሲኖር በሚያሳየው ፍጥነት ሳይሆን፣ መስመር ሲጠፋ በሚያደርገው ጥንቃቄ ነው።

ፖድካስት የሚደመጠው ከድምፅ ፋይሉ ቢሆንም የሚታወቀው በፊድ አድራሻው ነው። ፊድ አዘጋጁ በየጊዜው የሚያድሰው የጽሑፍ ዝርዝር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል በውስጡ የሚከተለውን ይመስላል፦

```xml
<item>
  <guid isPermaLink="false">prog-0412</guid>
  <enclosure url="https://example.org/0412.mp3"
    length="28800000" type="audio/mpeg"/>
</item>
```

`enclosure` ድምፁ የሚገኝበትን ቦታ ያመለክታል፤ `guid` ደግሞ የክፍሉ የማይለወጥ መታወቂያ ነው። አውራጁ ፕሮግራም ፊዱን አንብቦ፣ መታወቂያው በመዝገቡ የሌለውን ክፍል ብቻ ያወርዳል። መዝገቡ በፋይሉ አድራሻ ላይ ከተመሠረተ ግን፣ አዘጋጁ ሰርቨር በቀየረ ቀን የቆየው ሁሉ እንደ አዲስ ይወርዳል።

ችግሩ ብዙ አዘጋጆች በፊዱ ውስጥ የሚያስቀሩት የቅርብ ጊዜ ክፍሎችን ብቻ መሆኑ ነው። በየቀኑ የሚወጣና ፊዱ 10 ክፍል ብቻ የሚይዝ ዝግጅት ይታሰብ። የሮብ ገበያ አድማጭ በሳምንት አንድ ቀን ደብረ ማርቆስ ወርዶ በስልኩ ቢያወርድ፣ 7ቱንም ክፍሎች ያገኛል። አንድ ሳምንት ከቀረ ግን በ14ኛው ቀን ፊዱ ውስጥ ያሉት 10 ብቻ ናቸው፤ 4ቱ ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ስልኩ ስሕተት አያሳይም፤ የጎደለ መኖሩንም አይነግረውም።

ስለዚህ የሚያወርደውና የሚያደምጠው ቦታ ቢለያዩ ይሻላል። ደብረ ማርቆስ ላይ ቋሚ መስመር ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፊዱን በየሌሊቱ ቢያነብ፣ የሳምንቱ ክፍሎች በሚሞሪ ካርድ ተጭነው ለረቡዕ ገበያ ሊደርሱ ይችላሉ። የአንድ ሰዓት ንግግር በሰከንድ 64 ኪሎቢት ቢቀዳ 28.8 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 7ቱ ክፍሎች ተደምረው ወደ 202 ሜጋባይት ይሆናሉ። ይህ ለትንሽ ካርድም ቀላል ሸክም ነው።

በዚህ አሠራር ወሳኙ ቅደም ተከተሉ ነው። መብራት ወይም መስመር በመካከል ቢጠፋ፣ ግማሹ የወረደ ፋይል «መጥቷል» ተብሎ መመዝገብ የለበትም፤ አንዴ ከተመዘገበ ፕሮግራሙ ዳግመኛ አይፈልገውም። አድማጩም የሚያውቀው ድምፁ በ20ኛው ደቂቃ ላይ ሲቆረጥበት ነው።

```sh
curl -f -L -C - -o 0412.mp3.part "$url" &&
mv 0412.mp3.part 0412.mp3 &&
echo prog-0412 >> yemetu.txt
```

የመጀመሪያው መስመር የተቋረጠውን ካቆመበት ይቀጥላል፤ ሰርቨሩ ካስታወቀው መጠን ካነሰም በስሕተት ይቆማል። ፋይሉ ትክክለኛ ስሙን የሚያገኘው ሙሉ ሲሆን ነው፤ መመዝገቡም የመጨረሻው ሥራ ነው። በፊዱ የተጻፈው `length` ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ወይም ዜሮ ስለሚሆን ለማረጋገጫነት አይበቃም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከየትኛው ክፍል ይጀመር የሚለው ነው። ከአዲሱ መጀመር የተለመደ ነው፤ ለዜናም ተገቢ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ለአጭር ጊዜ ብቻ በሚገኝበት ስፍራ ግን አደጋ ላይ ያለው ከዝርዝሩ ሊወጣ የተቃረበው አሮጌው ክፍል ነው። አዲሱ ነገም ይገኛል። ለተከታታይ ትምህርትና ትረካ ከአሮጌው መጀመር ይገባል።

«ቴሌግራም እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ቴሌግራም ድምፅን በማዳረስ ረገድ ባለውለታ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ፋይሉን የሚጭነው ሰው አንድ ቀን ቢዘነጋ፣ መዘንጋቱን የሚያሳይ መዝገብ የለም። በፊድ የሚሠራ ፕሮግራም ግን የጎደለውን ማወቅ ይችላል፦ በፊዱ ካሉት ክፍሎች አንዱም በመዝገቡ ካልተገኘ፣ በመካከል ያመለጠ መኖሩን ሊጠረጥር ይገባል።

መስመሩ ደብረ ማርቆስም ላይ ከ10 ቀን በላይ ከጠፋ ይህ አሠራር የሄደውን አይመልስም። ቢያንስ ግን ዝም ብሎ ማለፍ አይገባውም። በካርዱ ላይ «ከዚህ በፊት የጎደለ ክፍል ሊኖር ይችላል» የሚል አንድ መስመር ማስፈር ይችላል። አድማጩ ክፍሉን ባያገኝ እንኳ የትኛውን ጊዜ ከሌላ ሰው ካርድ መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።