ወንዝን የመሬት ወሰን ስለ ማድረግ

በጎጃም ምድር ሁለት ባለይዞታዎች የሚዋሰኑበትን ስፍራ ሲያመለክቱ «ወሰናችን ወንዙ ነው» ማለታቸው የተለመደ ነው። ወንዝ ከሩቅ የሚታይ፥ ማንም በሌሊት ነቅሎ የማይወስደው ምልክት ስለ ሆነ የታመነ ወሰን ይመስላል። ዳሩ ግን በሜዳ የሚፈስ ወንዝ ክረምት በመጣ ቍጥር ስፍራውን ይለውጣልና፥ እርሱን ብቻ ወሰን ያደረገ ሹም ክርክርን ለልጅ ልጅ ያወርሳል።

ወንዝ ሁሉ በአንድ ዓይነት አይሠራም። በቡሬ በኩል የሚያልፈው ፈጣም ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርድበት ስፍራ ቁልቁለቱ ብርቱ ስለ ሆነ ጕልበቱን የሚያውለው ይልቁንም ወደ ታች ለመቈፈር ነው። በፍኖተ ሰላም አካባቢ ብር በሚያልፍበት ሜዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቁልቁለቱ ሲያንስ ውሃው ከደጋ የተሸከመውን ማራገፍ ይጀምራል፤ አስቀድሞ እየተንከባለለ የመጣውን ድንጋይ፥ ቀጥሎ አሸዋውን ይጥላል። ውሃውን የሚያደፈርሰው ደቃቅ አፈር ደግሞ ወንዙ ከዳርቻው ሞልቶ ሲወጣ በማሳው ላይ ይሰፍራል። በወንዝ ዳር የሚገኘው ለጥ ያለ ለም መሬት ከብዙ ዘመን ጀምሮ የተሠራው በዚህ ደለል ነው።

ወንዙ በዚህ ልል አፈር ላይ ሲታጠፍ ኃይለኛው ውሃ የሚገፋው የእጥፋቱን የውጭ ዳር ነው። ዳሩን ከሥር ይሰረስረዋል፤ በወለሉ በኩል የሚሄደው ውሃም አሸዋውን ወደ ውስጠኛው ዳር እየገፋ ይከምረዋል። ስለዚህ አንዱ ዳር ሲናድ ሌላው ያድጋል። ብዙ ሰው ዳሩ የሚናደው ሙላቱ በበረታበት ሰዓት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ሙላቱ ከጐደለ በኋላም፥ ውሃ ጠጥቶ የከበደው አፈር ደግፎት የነበረው ውሃ ሲሸሸው፥ በድንገት ይወድቃል። ከዳርቻው ጋራ ትይዩ የሆነ ስንጥቅ በእርሻው ላይ ከታየ፥ ወይም የዛፍ ሥር ተገልጦ ግንዱ ወደ ውሃው ካዘነበለ፥ መናዱ መቅረቡን ያስታውቃል።

ለምሳሌ ያህል በውጭው ዳር 100 እርምጃ ርዝመት ያለው ማሳ በየዓመቱ አንድ እርምጃ ቢናድበት፥ ባለቤቱ በ20 ዓመት ውስጥ ርዝመቱ 100 ስፋቱ 20 እርምጃ የሆነ መሬት ያጣል። በማዶ ያለው ጎረቤቱ ደግሞ ሳይቈፍርና ሳይገዛ አሸዋማ መሬት ይጨመርለታል። ወሰኑ ወንዙ ነው ከተባለ አንዱ ሳይበድል ይከስራል፤ ሌላው ሳይደክም ያተርፋል።

ከዚህ የሚብሰው እጥፋቱ ሲበዛ የሚሆነው ነው። ሁለቱ የውጭ ዳሮች እየተቀራረቡ ሲሄዱ በመካከላቸው ያለው መሬት እንደ አንገት ይቀጥናል፤ አንድ ቀን ብርቱ ሙላት አንገቱን ይበጥሰውና ወንዙ በአቋራጭ ይሄዳል። የቀድሞው መንገድ ሁለት አፉ በደለል ይዘጋና እንደ ማጭድ የጎበጠ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ኩሬውም ቀስ በቀስ በደለልና በቄጠማ ይሞላል። በዚህ ጊዜ ትናንት ከወንዙ ወዲህ የነበረ ማሳ ዛሬ ወዲያ ማዶ ይገኛል። ይህን አይቶ አንገቱን በእጅ ቈፍሮ ወንዙን ለማቅናት የሚያስብ ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን መንገዱ ሲያጥር ቁልቁለቱ ይበረታልና፥ ወንዙ ከላይ ወለሉን ይቈፍራል፥ ከታች ላሉት ደግሞ ደለሉን ይጭንባቸዋል።

በላይ የሚታረሰው መሬትም በታች ላለው ሜዳ ጕዳይ ነው። በፎገራ አልፎ ጣና የሚገባው ጉማራ በውሃ መለኪያ ጣቢያው አጠገብ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1963 እስከ 2009 ባለው ዘመን፥ ወለሉ በደለል 2.91 ሜትር ከፍ ማለቱ ተለክቷል። ከዳገቱ የታጠበው አፈር አንዱ ምክንያት ሲሆን፥ የጣና ውሃ በሰው ሥራ ከፍ መደረጉም የወንዙን ውሃ ወደ ኋላ እየገታ ደለሉን አብዝቶታል። ወለሉ ከፍ ያለ ወንዝ ውሃውን የሚይዝበት ስፍራ ስለሚያጣ ቶሎ ከዳርቻው ይወጣል።

እንግዲህ ወሰን በሚለካበት ጊዜ ከወንዙ ፈቀቅ ባለ ጠንካራ ስፍራ ድንጋይ መትከል፥ ከድንጋዩም እስከ ዳርቻው ያለውን ርቀት በመዝገብ መጻፍ ይገባል። በእጥፋቱ የውጭ ዳር ያለው ዛፍ ሳይቈረጥ፥ መሬቱም ሳይታረስ ቢቀር መናዱን ያዘገየዋል። ነገር ግን ዳሩ ከዛፉ ሥር ይልቅ ጥልቅ ከሆነ ውሃው ከሥሩ በታች ይሰረስራልና ዛፍ ብቻውን አያድነውም። በአንድ እጥፋት ድንጋይ መካብም የውሃውን ግፊት በታች ወዳለው ዳር ሊያዞር ይችላልና፥ ካቡ ከመጀመሩ በፊት የታችኛው ማሳ ባለቤት ሊጠየቅ ይገባዋል።