ስህተቱ ያለው ከስሌቱ በፊት ነው

ኢንጂነሪንግ የገባችሁ ተማሪዎቼ፣ ስለ ዳይሜንሽናል አናሊሲስ አቋሜን ልንገራችሁ፦ ጊዜያችንን ፓወር በማመጣጠን እንጨርሳለን፤ የሚጥለን ግን የተለዋዋጮች ዝርዝር ነው።

ለስላሳ ቱቦን እንውሰድ። በየሜትሩ የሚቀንሰው ግፊት Δp/L በዲያሜትር D፣ በፍጥነት V፣ በእፍጋት ρ እና በቪስኮሲቲ μ ይወሰናል። አምስት ተለዋዋጭ፣ ሦስት መሠረታዊ ዳይሜንሽን (M፣ L፣ T)፤ ስለዚህ ሁለት ዩኒት አልባ ቁጥሮች ይቀራሉ። D፣ V እና ρን ተደጋጋሚ አድርገን ከቀሪዎቹ ጋር ተራ በተራ ስናጣምራቸው፦

Π₁ = (Δp/L)·D/(ρV²)
Π₂ = ρVD/μ

Π₂ የሬይኖልድስ ቁጥር ነው። Π₁ በእሱ ብቻ ይወሰናል፤ እንዴት እንደሚወሰን የሚነግረን ግን ሙከራ ነው።

አሁን μን እንርሳው። Π₁ ብቻውን ይቀርና ቋሚ ቁጥር ይሆናል። ይህ ማለት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግፊት ቅናሹ ሁልጊዜ 4 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ዩኒቱ ልክ ነው፣ መልሱ ግን ስህተት! ፍሰቱ ላሚናር ከሆነ 2 እጥፍ ብቻ ነው፤ ተርቡለንት ሲሆን ደግሞ ብላሲየስ በ1913 ባወጣው ቀመር መሠረት 3.4 እጥፍ ገደማ።

ስሌቱ የጎደለውን አይነግራችሁም። ስለዚህ እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት "ፍሰቱን የሚይዘው ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።