የሰርጉ ቪዲዮና የመንዙማው ባለቤት

ፎንቆ ላይ የተቀረጸ የሰርግ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሊወጣ ነው እንበል። ከምስሉ ጋር ከካሴት የተቀዳ መንዙማ ይሰማል። «ግጥሙ የጥንት ሸኽ ነው፤ ባለቤት የለውም» የሚሉ አሉ። እውነቱ ግማሽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የገጣሚው መብት ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ቆይቶ ያበቃል። የተቀዳው ድምፅ ግን ሌላ ነው፤ መንዙማውን ያሉትም፣ ያሳተመውም የየራሳቸው የ50 ዓመት መብት አላቸው። ስለዚህ በካሴቱ ልባስ ላይ ስሙ የተጻፈውን አሳታሚ አስቀድሞ ጠይቆ ፈቃዱን በጽሑፍ መያዝ ይገባል።

ቪዲዮው ሲጫን በመጀመሪያ Private ተብሎ ይቀመጥና Checks የሚለው ውጤት ይታይ። ድምፁን ባለቤቱ አስመዝግቦት ከሆነ እዚያው ይታወቃል፤ ባለቤቱም ቪዲዮውን ሊያግድ ወይም የማስታወቂያውን ገቢ ሊወስድ ይችላል። ምንም አልተገኘም ቢል ግን ፈቃድ ተሰጠ ማለት አይደለም፤ ያልተመዘገበ ድምፅም እንዲሁ ያልፋልና።

እኛ የምንመርጠው ያንኑ የጥንት ግጥም በቆየ ዜማው የሰርጉ እናቶች ራሳቸው ሲሉት፣ በፈቃዳቸው መቅረጽን ነው። ድቤውም የራሳቸው ነው! ይህ ካልተመቸ Audio Library ውስጥ ያለክፍያ የሚወሰዱ ድምፆች አሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የሠሪው ስም ከቪዲዮው ሥር እንዲጻፍ ያስገድዳሉ።