የድርሻ ሽያጭ እውነተኛ ዋጋ
ጀማሪ ድርጅቶች ወለድን ሸሽተው ድርሻ መሸጥን ሲመርጡ፣ የሚሰጡት ነገር ዋጋ የሌለው ይመስላቸዋል። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። 2 ሚሊዮን ብር የሚያስፈልገው አንድ የግል ማኅበር፣ ዋናውን በመጨረሻው ዓመት ሊመልስ በ18 በመቶ ወለድ ቢበደር በዓመት 360 ሺህ ብር ወለድ ይከፍላል። ወለዱ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ስለሚቀነስ፣ በ30 በመቶው የንግድ ትርፍ ግብር 108 ሺህ ብር ይተርፈዋል፤ የብድሩ ወጪም 252 ሺህ ብር ይሆናል። በብድሩ ምትክ 25 በመቶ ድርሻ ቢሸጥ፣ ከግብር በኋላ የሚቀረው ትርፍ ከ1,008,000 ብር ባለፈበት ዓመት ሁሉ የባለድርሻው ፋንታ ከዚህ ወጪ ይበልጣል፤ ይህም ማብቂያ የለውም። ስለዚህ የተፈረመ የሽያጭ ውል በእጁ ያለ ድርጅት ቢበደር ይሻለዋል። ገበያው ገና ያልታወቀ ግን ይጠንቀቅ፤ ትርፍ በሌለበት ዓመት የግብር ቅናሹ አይገኝም፣ ባንኩም 360 ሺሁን ሙሉ ይጠይቃል፣ በመያዣነት የቀረበውም ብዙ ጊዜ የመሥራቹ ወይም የቤተሰቡ መኖሪያ ቤት ነው።