ወለዱን የማይሸፍን ክፍያ አትጠይቁ

እኩዮቼ፣ የባልንጀራዬ ቤት በሐራጅ ሲሸጥ ቆሜ አይቻለሁ። ሰውየው አላጭበረበረም። ተከራዮቹ ሲወጡና ገቢው በግማሽ ሲቀንስ አፈረና ዝም አለ። አምስት ወር ሙሉ ያበደረው ባንክ ደጃፍ አልደረሰም። በመጨረሻ ደብዳቤ ሲጽፍ ደግሞ ደብዳቤው ራሱ ጎዳው።

የቀረበት ዋና ብድር 600,000 ብር ነበር፤ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ፣ የቀረው ጊዜ 4 ዓመት። በየወሩ 17,000 ብር ገደማ ይከፍል ነበር። በደብዳቤው «በወር 7,000 ብር ልክፈል» ብሎ ለመነ። እስቲ አስሉት። የ600,000 ብር የአንድ ወር ወለድ ብቻ 8,000 ብር ነው። 7,000 ቢከፍል ዕዳው በየወሩ 1,000 ብር ያድጋል እንጂ አይቀንስም። የብድር ሠራተኛው ወረቀቱን አንብቦ የተረዳው ይህንኑ ነው፤ ሰውየው ዕዳውን የመክፈል አቅም የለውም ብሎ ደመደመ።

ከኪራይ የቀረው ገቢ በወር 14,000 ብር ነበር። ጊዜው ወደ 8 ዓመት ቢራዘምለት ክፍያው ወደ 11,100 ብር ይወርድ ነበር። ይህ ወለዱን ይሸፍናል፣ ከዋናውም ይቀንሳል፣ ለቀለብም ትንሽ ይተርፋል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ እስከ መጨረሻው የሚከፈለው ወለድ ከ216,000 ወደ 467,000 ብር ገደማ ይወጣል። ይህን አውቃችሁ ፈርሙ። ቤት ከማጣት ይሻላል የምትሉ ከሆነ፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ጊዜውን አታባክኑ። ክፍያ 90 ቀን ካለፈው ባንኩ ብድሩን ከተበላሹት ጋር ይመድበዋል፤ ከዚያ ወዲያ ልመና ይከብዳል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ደግሞ፣ በመያዣ ውላችሁ ከተስማማችሁበት፣ ባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤታችሁን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ውላችሁን ዛሬ አውጥታችሁ አንብቡት። የልጅ ወይም የወንድም ቤት በመያዣነት ከገባ፣ እሱም ከጅምሩ ይወቅ።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይበቃዋል። የብድር ቁጥሩ፣ ገቢው መቼና ለምን እንደቀነሰ፣ አሁን በወር የሚገባው፣ ከዚያም «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በወር 11,100 ብር እንድከፍልና የክፍያ ጊዜው ወደ 8 ዓመት እንዲራዘምልኝ እጠይቃለሁ» የሚል ግልጽ ዓረፍተ ነገር ይኑረው። የቀድሞውንና የአሁኑን የኪራይ ውል አያይዙ። መልስ እስኪመጣ የቀድሞው ውል እንደጸና ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ያቀረባችሁትን ያህል መክፈል አታቋርጡ። ደብዳቤውን በእጅ ለሠራተኛ ሰጥታችሁ አትመለሱ። መዝገብ ቤት አስገቡት፣ ቅጂው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጋችሁ ውሰዱ። ባልንጀራዬ «ሰጥቻለሁ» ሲል በእጁ ያንን ወረቀት አልያዘም ነበር።