ሞዴል ሺት ከመጽደቁ በፊት በሌላ እጅ ይፈተን

በቡድን በሚሠራ የአኒሜሽን ፊልም ውስጥ አንድ ገፀ ባሕርይ በሁሉም ሠዓሊዎች እጅ ተመሳሳይ መልክ እንዲይዝ የሚያደርገው ሰነድ ሞዴል ሺት ይባላል። ገፀ ባሕርዩ ከየአቅጣጫው የሚታይባቸውን ሥዕሎች፣ ስሜት ገላጭ ፊቶችንና የቀለም ማስታወሻን ይይዛል። በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ የገፀ ባሕርይ ሞዴል ክፍልን ይመራ የነበረው ጆ ግራንት ሰነዱን በፊርማው ያጸድቅ ነበር። ይሁን እንጂ የኃላፊ ዓይን ብቻውን በቂ መመዘኛ አይሆንም። ሰነዱ ሊጸድቅ የሚገባው ገፀ ባሕርዩን ከዚያ በፊት ሥሎ የማያውቅ አኒሜተር ከእርሱ ብቻ ተነሥቶ በትክክል መሣል ሲችል ነው።

ለአብነት፣ የነጠላዋን ጫፍ በግራ ትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ የጣለች የአሥር ዓመት ልጅ ትወሰድ። ነዳፊው ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና ከሁለቱ መካከለኛ ማዕዘኖች አምስት እይታዎችን ይሥላል፤ አናት፣ ዓይን፣ አገጭ፣ ወገብና ጉልበት በሁሉም እኩል ከፍታ ላይ እንዲያርፉ አግድም መስመሮችን ያሰምራል። መስመሮቹ ከፍታን እንጂ ግራና ቀኝን አይቆጣጠሩም። ስለዚህ አኒሜተሩ የግራ ጎኗን ሥዕል ገልብጦ ለቀኝ ጎኗ ሲጠቀምበት ነጠላው ወደ ቀኝ ትከሻ ይዘላል። መፍትሔው የቀሩትን ሦስት እይታዎች ሥሎ ስምንት ማድረስ ነው። አንዳንዱ ሕግ ደግሞ በቃል ካልተጻፈ አይታወቅም፤ የሚኪ ማውስ ጆሮዎች ጭንቅላቱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር ክብ ሆነው የሚታዩት በሥዕል ስምምነት እንጂ በአካል ቅርጽ ሕግ አይደለም።

በስሜት ገላጭ ፊቶች ላይ የሚታየው ስሕተት የራስ ቅሉ አብሮ መለዋወጡ ነው። ልጅቱ ስትደነግጥ መንጋጋዋ ወርዶ ፊቷ ይረዝማል፤ ከዓይኗ እስከ አናቷ ያለው ርቀት ግን አይለወጥም። ፊቶቹን በአንድ ላይ ደርቦ ማየት ልዩነቱን ያጋልጣል።

በቀለሙ በኩል ነጠላው #FFFFFF ከተባለ ብርሃን ያረፈበትን እጥፋት ከዚያ አብልጦ ማንጣት አይቻልም። #F2EDE0 መሠረት ቢሆን ግን ለብርሃኑ ቦታ ይተርፋል። የጥላውና የምሽቱ ቀለምም ለየብቻ ሊጻፍ ይገባል።

ፈተናው ቀላል ነው። ሁለት አኒሜተሮች ሳይመካከሩ በሰነዱ ውስጥ የሌለ አኳኋን፣ ለምሳሌ ልጅቱ ተቀምጣ በቀኝ ትከሻዋ በኩል ወደ ኋላ ስትመለከት፣ ይሥላሉ። ሥዕሎቹ ሲደረቡ በመጠን፣ በልብስ ወይም በቀለም የሚለያዩበት ስፍራ ሰነዱ ዝም ያለበት ነው። ፈተናው የትወናውን ጥራት አይለካም፤ የማጽደቂያውን ጊዜም ያራዝማል። ነገር ግን በሰከንድ 12 ሥዕል በሚፈልግ ሥራ፣ በአሥር ሰከንድ ትዕይንት ውስጥ የተሳሳተው ነጠላ 120 ጊዜ ይታረማል። በሰነዱ ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ማረም ይበቃል።