«ገበሬ ነኝ» ማስረጃ አይደለም፤ «ንግድ ፈቃድ አምጣ»ም ጥያቄ አይደለም

ቆሰበር ላይ አንድ ገበሬ 900,000 ብር ይዞ ባንክ ሲገባ ሁለት ሰው ያጠፋዋል። አንዱ ውጭ የቆመው መካሪ ነው፤ «ከፋፍለህ አስገባው፣ አይጠይቁህም» ይለዋል። ሌላው ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሠራተኛ ነው፤ «ንግድ ፈቃድ አምጣ» ይለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ከመካሪው ልጀምር። ባንኩ የሚጠይቀው ወዶ አይደለም። በወንጀል የተገኘን ገንዘብ ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከላከለው አዋጅ ደንበኛውን እንዲያውቅና አጠራጣሪ ገንዘብን ሪፖርት እንዲያደርግ ያስገድደዋል። ሪፖርት ማድረጉን ደግሞ ለደንበኛው መንገር ተከልክሏል። ስለዚህ ብሩን በየቀኑ እየቆራረጠ የሚያስገባ ሰው ማንም ስላልጠየቀው አመለጠ ማለት አይደለም። መቆራረጡ ራሱ ዋናው የጥርጣሬ ምልክት ነው።

አሁን ብሩን እንቁጠረው። ይህ ገበሬ አምስት ዓመት ያሳደገውን አራት ቃዳ ዲከረንስ ለከሰል ነጋዴ በቁሙ በ640,000 ብር ሸጠ እንበል። ሁለት በሬ በ150,000 ሸጠ፤ 110,000 ዕቁብ ደረሰው። ድምሩ 900,000 ነው። ለእያንዳንዱ ብር የራሱ ወረቀት አለው። ለዛፉ የመሬት ይዞታ ደብተሩ፣ ምስክሮች የፈረሙበት የሽያጭ ውልና የገዢው ንግድ ፈቃድ ቅጂ ይቀርባል። ለበሬዎቹ የገበያ ደረሰኝ ወይም የገዢው ፊርማ ያለበት ወረቀት ይበቃል። ለዕቁቡ ዳኛውና ጸሐፊው የፈረሙበት ዝርዝር አለ። እነዚህን ከአንድ ገጽ ማመልከቻ ጋር አያይዞ ከየት፣ መቼ፣ ስንት እንደመጣ በቀን ቅደም ተከተል ይጻፍ። መርማሪው የሚያየው የወረቀቱን ብዛት አይደለም፤ ድምሩ ከብሩ ጋር፣ ቀኑም ከቀኑ ጋር መግጠሙን ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ግብር ለመቀነስ ውሉ ላይ 300,000 ብቻ ተጻፈ። አሁን 340,000 ብር አባት የለውም! ያንን ለመሸፈን የዘመድ «የብድር ውል» ዛሬ አስጽፎ ያለፈውን ዓመት ቀን ማስፈር ደግሞ ከጥርጣሬ ወደ ወንጀል መሻገር ነው። ውሉ ላይ እውነተኛውን ዋጋ አስጽፉ፤ ከተቻለም ገዢው በባንክ ያስተላልፍላችሁ። ያኔ ብሩ ራሱ ይናገራል።

ወደ ባንኩ ልመለስ። የራሱን ዛፍ የሸጠ ገበሬ ነጋዴ አይደለም። የሌለውን ንግድ ፈቃድ መጠየቅ ምርመራ ሳይሆን ማባረር ነው። የተባረረ ብር ደግሞ ንጹሕ አይሆንም፤ ወደ ፍራሽ ሥር ነው የሚመለሰው። በአዊ ምድር የምትሠራ የባንክ ሠራተኛ ሆይ፣ ዲከረንስ በስንት ዓመት እንደሚደርስና አንድ ቃዳ ስንት እንደሚያወጣ ካላወቅህ፣ የማን ብር አጠራጣሪ እንደሆነ በምን ትለያለህ?